«ያጠና ያልፋል» የሚሉት ፍርደ ገምድልነት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር አንድ ፍርድ አገሩን ያዳርሳል፦ «ያጠና ያልፋል፤ የወደቀ ያላጠና ነው።» አጎት ይለዋል፣ ጎረቤት ቡና ላይ ይደግመዋል፣ መምህርም ሳይቀር ያጸድቀዋል። እኔ ይህን ፍርድ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ክፉ ንግግር በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው። በተሳሳተ ስሌት ደግሞ ልጅ ይፈረድበታል።

ስሌቱን እንፍታው። ያለፉትን ሁሉ ብንጠይቅ አጥንተዋል እንበል። ከዚህ የምናገኘው እውነት አንድ ብቻ ነው፤ ሳያጠኑ ማለፍ አይቻልም። ጥናት የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፈራጆቻችን ግን ሳያስተውሉት አንድ እርምጃ ይዘላሉ። «ያለፈ ሁሉ አጥንቷል» የሚለውን ገልብጠው «ያጠና ሁሉ ያልፋል» ይሉታል። ጥናት ብቻውን ይበቃል አሉ ማለት ነው። አንዴ ይበቃል ካሉ በኋላ የወደቀውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መፈረጅ ቀላል ይሆንላቸዋል። የግድ የሚያስፈልግ ነገርና ብቻውን የሚበቃ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ያለ ዝናብ ጤፍ አይበቅልም፤ ዝናብ የጣለበት ማሳ ሁሉ ግን ጤፍ አይሰጥም።

አሁን ፍርዱን በእውነተኛ ቁጥር እንፈትነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ወሰዱ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ገደማ። በ1,328 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላለፈም። ጥናት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያጠና አንድ ልጅ እንኳ አልነበረም ብለን ማመን ይኖርብናል። ሌሊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ደብተሩን የጨረሰ አንድ ወንድ ልጅ፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ አልተገኘም! ይህን ደፍሮ የሚናገር ካለ ይምጣ። «አዎ፣ ማንም አላጠናም» ቢለኝ እንኳ አላመለጠም፤ ስንፍና ትምህርት ቤት መርጦ ለምን እንደተከማቸ ሊያስረዳኝ ይገባል። ምክንያቱን ፍለጋ ሲጀምር የሚያገኘው የልጁን ፈቃድ አይደለም፤ መምህር አለመኖርን፣ መጽሐፍ አለመድረስን፣ ከታች ክፍል ጀምሮ የጎደለ መሠረትን ያገኛል። እነዚህም የግድ ያስፈልጉ ነበርና።

በተቃራኒው በኩል የሚመጣም ስህተት አለ፤ እርሱ ደግሞ የበለጠ ያበሽቀኛል። «እኔ በኩራዝ አጥንቼ ነው ያለፍኩት» ይላል አንዱ። ክብር ይገባዋል። ምስክርነቱ ግን የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ መብራትም ማለፍ ይቻላል። መብራት የግድ አይደለም ማለት ነው፤ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። አብረውት በኩራዝ ያጠኑና የወደቁት ሰዎች ለመመስከር አልተጠሩም። የርሱ ኩራዝ በቂ መሆኑን ማወቅ የምንችለው እነርሱን ስንጠይቅ ነበር፤ እኛ ግን የምንጠይቀው ሁልጊዜ ያለፈውን ነው።

ባለሥልጣናትም ከዚህ ስህተት ነጻ አይደሉም። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠቱ ኩረጃን ለመግታት ነበር፤ ደግፌዋለሁ፣ አሁንም እደግፈዋለሁ። ኩረጃ ባለበት የሚታመን ውጤት የለም። ነገር ግን ኩረጃ ስለቀረ ብቻ ውጤቱ የልጁን ትጋት በትክክል ለካ ማለት አይቻልም። ኩረጃን ማስቀረት የግድ ነበር፤ በቂ አልነበረም። ያልተማረውን የተጠየቀ ልጅ ሳይኮርጅም ይወድቃል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «እንዲህ ያደረገ እንዲህ ያገኛል» የሚል ሰው ሲገጥምህ ሁለት ሰዎችን ፈልግ። አንደኛው ያን አድርጎ ውጤቱን ያላገኘ ነው፤ ከተገኘ ነገሩ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ያን ሳያደርግ ውጤቱን ያገኘ ነው፤ ከተገኘ ነገሩ የግድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሰው ይበቃል።

ወላጆች፣ መምህራን፦ ልጃችሁን «አጥና» በሉት፤ ተገቢ ነው። ከወደቀ ግን «አላጠናህም» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደጎደለው ጠይቁት። ውጤቱ መውደቁን ይነግራችኋል፤ ስንፍናውን አይነግራችሁም። ያልተመሰከረበትን ጥፋት በልጅ ላይ መጫን ግፍ ነው።