«ለተፈጠረው መጉላላት» — ፈጣሪው ማነው?

ባለፈው ሳምንት ማታ ፈተና እያረምኩ የድሮ ተማሪዬ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው። «ቲቸር፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት ላስቸግርህ ነው። አንድ ደንበኛ ተቆጥቶ ጽፎልን መልሱን እኔ ላይ ጣሉት። አማርኛዬን እይልኝ» አለችኝ።

አማርኛዋማ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙዎቻችሁ ባንክ፣ ሱቅ፣ ትራንስፖርት ምናምን ስለምትሠሩ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ስምና ቦታ አጥፍቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ጥቅምት ላይ በ58,000 ብር ፍሪጅ ገዛ። የካቲት 11 ፍሪጁ ቆመ። ሲደውል «በ3 ቀን ውስጥ ቴክኒሻን ይመጣል» ተባለ። ቴክኒሻኑ የመጣው የካቲት 20 ነው፤ በ9ኛው ቀን ማለት ነው። በመሀል ሲደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። ቴክኒሻኑ ሲያየው ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ፍሪጁም ያለ ስታቢላይዘር በቀጥታ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። የዋስትና ካርዱ ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር ሲሠራ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር አይሸፈንም ይላል። ሰውየው ይሄ ሲነገረው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እናንተ ሌቦች! 58 ሺህ ብር ተቀብላችሁ ቆሻሻ ሸጣችሁልኝ። አምስት ወር እንኳ አልሞላውም። በሦስት ቀን ብላችሁ ዘጠኝ ቀን አስጠበቃችሁኝ፣ ስልክ አታነሱም፣ ሥጋዬ ሁሉ ተበላሽቶ ጣልኩት። ያቺ ስልክ የምታነሳዋም ደደብ ናት። ወይ ብሬን መልሱ ወይ አዲስ አምጡ። አለበለዚያ ፌስቡክ ላይ አወጣችኋለሁ!»

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የጻፈው መልስ «እንደሚታወቀው ድርጅታችን» ብሎ ይጀምርና «በእርስዎ ቸልተኝነት ለደረሰው ብልሽት ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ እያሳወቅን፣ ስም ከማጥፋት እንዲቆጠቡ በጥብቅ እናሳስባለን» ብሎ ያልቃል። ልጅቷ «ይሄን ብንልክ ሰውየው ይብስበታል» ብላ አስቀረችው። ትክክል ነበረች። በምትኩ ራሷ ጻፈችና ላከች፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት እጅግ በጣም ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቅሬታዎን በአስቸኳይ ለመፍታት የተቻለንን ሁሉ እናደርጋለን።»

በማግስቱ ሰውየው መለሰ፦ «እሺ፣ ብሩን መቼ ልምጣ?»

እኔ ጋ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ብር እንመልሳለን ያልሽው አንቺ ነሽ» እያላት ነው። እሷ ደግሞ እንደዚያ አላለችም። ሰውየው ግን እንደዚያ ቢረዳ አልፈርድበትም። ሰው «ብሬን መልሱ» ብሎ ሲጽፍልህ «ቅሬታዎን እንፈታለን» ካልከው ሌላ ምን ይረዳ?

የኔ አስተያየት ይሄ ነው። የሥራ አስኪያጁም የእሷም ደብዳቤ ጥፋታቸው አንድ ነው። አንዱ ተቆጣ፣ ሌላው ተለማመጠ፤ ሁለቱም ግን ሰውየው ለጻፈው ነገር አልመለሱም። «ድምፁን አለስልሺው» ወይም «ጠንከር አድርጊው» ብላት አይረዳትም ነበር። መጀመሪያ የሰውየውን ቁጣ እንደ ጥሬ ዘርግፈን መልቀም ነበረብን።

እናም ስልክ ደውዬላት አብረን ለቀምነው። ከሦስት ቀን ወደ ዘጠኝ ቀን መዘግየቱ እውነት ነው? እውነት ነው። ስልክ አለማንሳታችሁስ? እውነት። ሥጋው መበላሸቱ? እውነት፤ ግን ቴክኒሻኑ በ3ኛው ቀን ቢመጣም ይበላሽ ነበር። ዕቃው ቆሻሻ መሆኑ? አይደለም፤ የተቃጠለበት ምክንያት ታውቋል። ሌቦች? አይደላችሁም። የልጅቷ መሰደብ? በማንም ላይ ተገቢ አይደለም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ስለ ስታቢላይዘሩ ሲገዛ ተነግሮታል ወይ?» ካርዱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ 4ኛ ተራ ቁጥር ላይ ነው፣ ከሥሩ ፈርሞበታል። ይሄ ባይኖር ኖሮ «ገንዘቡን አትመልሱም ብለሽ አትጻፊ፣ አለቃሽን ድጋሚ አነጋግሪ» ነበር የምላት። በማያነበው ቋንቋ፣ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ካርድ ይዞ በትህትና እንቢ ማለት ጨዋነት አይደለም። ጽኑ መልስ የሚቆመው ማስረጃ ላይ ነው፤ ማስረጃ ከሌለ ቃላት አያቆሙትም።

ከዚያ ይሄን ጻፍን፦

«አቶ እገሌ፣ የካቲት 22 የላኩልንን መልእክት አንብበናል።

ቴክኒሻን በ3 ቀን እንልካለን ብለንዎት የላክነው በ9ኛው ቀን ነው። በመካከሉ ሲደውሉም ስልክ አላነሳንልዎትም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። ምግብዎ ተበላሽቶ በመጣልዎም አዝነናል።

ቴክኒሻናችን ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ፣ ፍሪጁም ያለ ስታቢላይዘር በቀጥታ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አግኝቶታል። ሲገዙ የፈረሙበት የዋስትና ካርድ፣ ተራ ቁጥር 4፣ በዚህ ሁኔታ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር በዋስትናው እንደማይሸፈን ይገልጻል። በዚህ ምክንያት ገንዘብዎን መመለስም ሆነ ፍሪጁን በአዲስ መቀየር አንችልም።

የምናደርገው ይህ ነው። ኮምፕሬሰሩን በ14,500 ብር እንቀይርልዎታለን። ስላዘገየንዎት የቴክኒሻኑን የእጅ ዋጋና መጓጓዣ እኛ እንሸፍናለን። እስከ መጋቢት 5 ካሳወቁን፣ ባሳወቁን በ2 ቀን ውስጥ ሠርተን እንጨርሳለን።

ስልክ የምታነሳው ባልደረባችን ሥራዋን እየሠራች ነው፤ በስድብ እንዳይናገሯት በአክብሮት እንጠይቃለን። ጥያቄ ካለዎት በዚህ ቁጥር በቀጥታ እኔን ያገኙኛል።»

ከሥሩ ስሟንና የሥራ ስልኳን ጻፈች። «የደንበኞች አገልግሎት ክፍል» የሚባል ሰው ስልክ አያነሳምና።

አሁን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለው ሐረግ ጠፍቷል። ማነው የፈጠረው? ክረምት ነው? «ተፈጠረ»፣ «ተከሰተ»፣ «አጋጠመ» እያልን ስንጽፍ አድራጊውን እንደብቃለን። የተናደደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው መደበቃችንን ነው። «አዘገየንዎት» ብትል ግን ቃሉ ውስጥ አንተም አለህ፣ እሱም አለ። አንዲት «አዘገየንዎት» አሥር «እጅግ በጣም ከልብ» ታስንቃለች።

ሁለተኛ፣ «ይቅርታ» እና «አዝነናል» ቦታቸው ለየብቻ ነው። ይቅርታ ላጠፋኸው ነው። ሐዘን ለደረሰበት ነው። ለቅሶ ቤት ሄደህ «እግዜር ያጽናህ» ትላለህ እንጂ «ይቅርታ አድርግልኝ» አትልም፤ ገዳዩ አንተ ካልሆንክ በቀር። የመጀመሪያው መልሷ ለሁሉም ነገር በጅምላ ይቅርታ ስለጠየቀ፣ ሰውየው ለኮምፕሬሰሩም ጥፋቱን ያመነችለት መሰለው።

ሦስተኛ፣ ከይቅርታው ቀጥሎ «ነገር ግን» የለም። እኔ ራሴ በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። የተማሪ ወላጅ ተቆጥተው ሲመጡ «ይቅርታ፣ ግን ልጅዎ...» እል ነበር። «ግን» ስትገባ ከፊቷ ያለውን ሁሉ ታጥበዋለች። ይቅርታውን ዝጋው፣ አራት ነጥብ አድርግበት፣ ሌላውን በአዲስ አንቀጽ ጀምር።

አራተኛ፣ እንቢታው። ምክንያቱ ቀድሟል፣ «አንችልም» መጨረሻ ላይ መጥቷል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ሰውየው እንቢታው ጋ ሲደርስ ለምን እንደሆነ አንብቦ ነው። «ለጊዜው አንችልም» ወይም «እንደማንችል በታላቅ ሐዘን» ብላ ልትጽፍ ፈልጋ ነበር፤ አስወጣሁት። «ለጊዜው» ካልከው ከወር በኋላ ይመጣል። «ቸልተኝነት» የሚለውም ወጥቷል። ቴክኒሻኑ ያየውን ከነገርከው ይበቃል፤ ፍርዱን ራሱ ይስጥ። ሰው ራሱ የደረሰበትን ነገር ነው የሚቀበለው።

ስድቡ ላይ ተከራክረናል። እሷ «ይለፍ» አለች፤ የተሰደበችው እሷ አይደለችም፣ ጓደኛዋ ናት። እኔ አይለፍ አልኩ። ዝም ካላችሁ ነገ የከፋ ይመጣል፣ ልጅቷም የሚከላከልላት እንደሌለ ታውቃለች። ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ ይቅርታ በሉ አትበሉት፣ በሕግ አታስፈራሩት። ስለ «ሌቦች» እና ስለ ፌስቡኩ ምንም አልጻፍንም። መብቱ ነው፣ ያውጣ። ቢያወጣም ይሄ ደብዳቤ አብሮ ቢወጣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንደውም መልስ ከመላካችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ ሰውየው ነገ ፎቶ አንስቶ ቢለጥፈው አፍርበታለሁ ወይ?

ውጤቱስ? ተአምር አልተፈጠረም። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ደወለ፣ አሁንም ተቆጥቶ ነበር፣ በኮምፕሬሰሩ ዋጋ ተከራከረ። ዋጋው አልተቀነሰለትም። በመጨረሻ «ቢያንስ እናንተ እንዳዘገያችሁ አመናችሁ» ብሎ ተስማማ። ልጅቷን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ግን ድጋሚ አልሰደባትም።

የማይሠራበትም አለ። ሰውየው ስምንት ጊዜ ያንኑ እየደጋገመ ከጻፈ፣ ስምንት አዲስ ደብዳቤ አትጻፉ። «የየካቲት 24 መልሳችን አልተቀየረም» ብላችሁ አቁሙ። ማብራሪያ በበዛ ቁጥር ድርድር ይመስላል።

እስቲ እናንተም ከድርጅት የደረሳችሁን መልስ ስም አጥፍታችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። በተለይ «ለተፈጠረው» ያለበትን። ለ11ኛ ክፍል የደብዳቤ ትምህርት እፈልገዋለሁ።