ነዳጁ ሲወጣ፣ ሲጠፋ፣ ሲረክስ፦ ባለመኪናው የቱን ይጠብቅ?

ከጉኑኖ ሶዶ፣ ከሶዶ ጉኑኖ ሕዝብ የሚያመላልስ ባለመኪና ነገን እንዴት ያስባል? ብትጠይቁት መልሱ «መንግሥት የሚለውን እንሰማለን» ነው። ሰምቶ እስኪነቃ ግን ኪሱ ይራቆታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

የታለመ የነዳጅ ድጎማ በተጀመረበት በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ያለ ድጎማ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ እንደገና ጨምሯል። በመሃሉ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቋል። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር መሆኑን ለማያውቅ ካለ ይኸው ይወቅ።

ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን) ፒየር ዋክ በሚባል ሰው መሪነት አንድ ዘዴ ይዞ ነበር። ዋጋው ስንት ይሆናል ብሎ ከመተንበይ ይልቅ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ የነገ ታሪኮችን ጽፎ «ይህ ቢመጣ ምን እናደርጋለን?» ብሎ መዘጋጀት ነው። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ነገሩ ዱብ ዕዳ አልሆነባቸውም። ታዲያ ይህ ለአንድ ቅጥቅጥ ባለቤት ቢሠራ ምን ይላል? ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እንያዝ።

መኪናዋ በቀን 4 ደርሶ መልስ ትሠራለች፤ እያንዳንዱ 2,000 ብር ያስገባል፣ 10 ሊትር ይጠጣል። ሊትሩ 100 ብር ቢሆን ነዳጁ 4,000 ነው። የሾፌር፣ የረዳት፣ የጎማ፣ የዘይትና የባንክ ዕዳ ሲደማመር በቀን 3,000 ይሆናል። መኪናዋ ሠራችም ቆመችም አይቀርም እንበል። ከ8,000 ላይ ሲቀነስ ለባለቤቱ 1,000 ብር ይተርፋል።

አንደኛው ነገ፦ ነዳጁ ማደያ ላይ አለ፣ ዋጋው ግን 125 ገባ። ታሪፉ ባለበት ቆሟል። የነዳጁ ወጪ 5,000 ሆነና ትርፉ ዜሮ። 130 ቢገባ በየቀኑ 200 ብር ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ባለመኪናውን የሚጎዳው ዋጋው ብቻ አይደለም። ነዳጁ ዛሬ ጨምሮ ታሪፉ ከወር ከሁለት ወር በኋላ መስተካከሉ ነው። ሁለት ወር ቢዘገይና 50 የሥራ ቀን ቢሆን፣ የቀረበት 50,000 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው ነገ፦ ዋጋው 100 ነው፣ ነዳጁ ግን የለም። ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሞ 2 ምልልስ ብቻ ይሠራል። 4,000 ገባ፣ ነዳጁ 2,000፣ ቋሚው 3,000፤ ኪሳራው 1,000 ብር። ጀሪካኑን ይዞ የቆመው ቸርቻሪ ደግሞ ሊትሩን 160 ይላል። ከእሱ 20 ሊትር ቢገዛ ለተጨማሪው 2 ምልልስ 3,200 ከፍሎ 4,000 ያስገባል፤ ኪሳራው ወደ 200 ይወርድለታል። እንግዲህ ጥቁር ገበያው ለምን እንደማይጠፋ ይህ ሒሳብ ይናገራል። ሊትሩ 200 እስኪደርስ ድረስ ገዢ አያጣም! ሾፌሩን እያሳደዱ መቅጣት ማደያውን አይሞላም። ከታሪፍ በላይ የሚጠየቀው ተሳፋሪም የሚከፍለው የጀሪካኑን ነው።

ሦስተኛው ነገ፦ ነዳጁ ረከሰ። ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በጥር 2016 (እንደ አውሮፓውያን) ከ30 ዶላር በታች ወርዶ አልነበረም? ወደኛ ደርሶ ሊትሩ 70 ገባ እንበል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ታሪፉ ግን በመቶ 15 ይቀነሳል፣ መናኸሪያው በአዳዲስ መኪና ይሞላል፣ ተራ ይረዝማል። 3 ምልልስ በ1,700 ብር 5,100 ነው፤ ነዳጁ 2,100፣ ቋሚው 3,000። ቀረ ዜሮ! ርካሽ ነዳጅም ባለዕዳውን አያድነውም።

ሦስቱንም ጎን ለጎን ስናያቸው በሁሉም ላይ አንገት የሚያንቀው ያ 3,000 ብር ቋሚ ወጪ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዕዳ ሁለተኛ መኪና የሚጨምር ሰው በሦስቱም መንገድ ይጋለጣል። ዕዳውን የሚያቃልል፣ ሾፌሩን በደመወዝ ሳይሆን በምልልስ የሚከፍል፣ የ50 ቀን ትርፍ ያህል በእጁ የያዘ ግን በሦስቱም ይተነፍሳል። የትኛው ነገ እየመጣ እንደሆነ ደግሞ ምልክት አለው። የባንክ የዶላር ዋጋ ሲወጣ አንደኛው፣ የነዳጅ ቦቴ የሚመጣበት ቀን እየራቀ ሰልፉ ሲረዝም ሁለተኛው፣ የዓለም ዋጋ ለወራት ሲወርድ ሦስተኛው ነው።

ይህ የባለመኪናው ድርሻ ነው። የሹሞቹስ? ነዳጅ የሚጨመርበትን ቀን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ታሪፉን ያንኑ ቀን ማስተካከል ምን ያቅታቸዋል? ታሪፍ የሚቆርጠው የክልል ትራንስፖርት ቢሮ አዲሱን የነዳጅ ዋጋ እንደ እኛው በዜና ሰምቶ ስብሰባ የሚጠራ ከሆነ፣ በመሃል ያለውን 50,000 ብር የሚከፍለው ማን ነው? ወይ ባለመኪናው፣ ወይ ከገበያ ሽንኩርት ተሸክማ የምትመለሰው እናት ናት። መልሱን ቢሮው ይስጠን።