ፊልም ያደነደነው ሰይፍ

በፊልም የምናየው የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰይፍ ሁልጊዜ ከባድ ነው። ተዋናዩ ሲያነሳው ጥርሱን ይነክሳል፣ ሲሰነዝረው ወገቡ አብሮ ይዞራል፣ ከሳተ ደግሞ ሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ ነው የሚቆመው። ይህን እያየን ስላደግን የዚያ ዘመን ተዋጊ ጉልበት እንጂ ጥበብ አልነበረውም ብለን አምነን ተቀምጠናል። ይህ እምነት ተዋጊውንም አንጥረኛውንም ይበድላል።

በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሁለት እጅ ይያዝ የነበረው ረጅም ሰይፍ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ሲሆን፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። ዋናው ጥያቄ ግን ያ ክብደት የት ላይ ተከማቸ የሚለው ነው። ሰይፉን በጠፍጣፋ ጎኑ ጣት ላይ ሲያሳርፉት ወዲያና ወዲህ ሳያጋድል የሚቆምበት ቦታ የሚዛን ነጥቡ ነው። በደህና ረጅም ሰይፍ ላይ ይህ ነጥብ ከእጅ መከላከያው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጫፉ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል።

እንዴት እንደሚገኝ በቁጥር እንየው። 95 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ስለት ሥሩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ጠርዞች ይሳሳ። ይህን ልክ ሳይቀንስ እስከ ጫፉ ብንወስደው ስለቱ ብቻውን 1.1 ኪሎ ይመዝናል። መከላከያው 150 ግራም፣ እጀታው 200 ግራም፣ ከመከላከያው 24 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያለው የእጀታው ጉልላት ደግሞ 300 ግራም ቢሆኑ፣ የሚዛን ነጥቡ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይሄዳል። እጅን ወደ መሬት የሚጎትት ሰይፍ ማለት ይህ ነው። አሁን ስፋቱን ጫፉ ላይ ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቀስ በቀስ እናውርደው። ስለቱ ወደ 580 ግራም ይቀላል፤ ሚዛኑም ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይመለሳል። ሌላውን አልነካንም።

ብዙ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ጉልላቱ ይመስለዋል። ያልሳሳውን ስለት በጉልላት ብቻ እዚያው ቦታ ለመመለስ 900 ግራም ገደማ መጨመር ያስፈልጋል፤ ሰይፉም ከ2 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ያኔ ጣት ላይ በትክክል ይቆማል፣ ነገር ግን ሁለቱም ጫፎቹ ስለከበዱ አቅጣጫ ለመቀየር ይዘገያል። ስለዚህ የሚዛን ነጥብ ብቻውን ሲጠቀስ አትመኑ፤ የስለቱን ውፍረት ሥሩም ጫፉም ላይ ለክታችሁ አነጻጽሩ። ተመልካች ሰይፍን ከፊት ለፊት ነው የሚያየው፤ ይህ መሳሳት የሚታየው ደግሞ ከጠርዙ በኩል ነው። ፊልሞቹ እንደ ልባቸው የሚያታልሉን በዚህ ቀዳዳ ነው።

በ1982 የወጣው «ኮናን ዘ ባርባሪያን» ሲጀምር የቀለጠ ብረት ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ያሳያል። ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑ ይታወቃል፤ ሰይፍ የሚሠራው እንደዚያ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን በብዙ ሰው አእምሮ ተክሎ ቀርቷል። እንዲያ የፈሰሰ ብረት ቶሎ ይሰበራል። ያ ሁሉ መሳሳት የሚመጣው በመዶሻ ነው፤ ከዚያ ስለቱ እስኪቀላ ይግላል፣ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ድርቀቱ እንዲለዝብ ደግሞ በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ይሞቃል። ሥራው የሰመረ እንደሆነ ለማወቅ ስለቱን በመጠኑ አጥፎ መልቀቅ ነው፤ ከሰመረ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ጎብጦ ከቀረ ለዝቧል፣ ከተሰበረም ደርቋል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን በእጅ መከላከያው ላይ የሚደረገው ነው። በፊልም የንስር ክንፍ ወይም የዘንዶ ራስ ይሆናል። በእውነተኛው ሰይፍ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን አግዳሚ ብረት ነው። የስለቱ ጭራ በመሃሉ ሾልኮ፣ በእንጨቱ እጀታ ውስጥ አልፎ፣ ጉልላቱን ሰንጥቆ ይወጣና ጫፉ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጣል፤ ሁሉንም አንድ አድርጎ የሚይዘው ይህ ነው።

ጣሊያናዊው የሰይፍ መምህር ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ በ1410 አካባቢ ባዘጋጀው መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ሁለት ሰይፎች ሲጋጠሙ ወዲያው አይላቀቁም። አንደኛው የሌላውን ስለት ለመከላከያው በቀረበው ጠንካራ ክፍል ይዞ ይገፋል ወይም ወደ ውስጥ ይገባል። የተያዘው ስለት ወደ እጅ ቢንሸራተት አግዳሚው ያቆመዋል። ፊልም ይህን ሁሉ ሰርዞ ሁለት ሰዎችን አየር ላይ ብረት ያጋጫል፤ ሁለቱም የሚመቱት የባላጋራቸውን ሰይፍ እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ፊልም ሠሪዎች ለተዋናዩ ደኅንነት ነው ይላሉ። ጠርዙ መዶልዶሙን ማንም አይቃወምም። ዛሬ ይህን ጥበብ የሚለማመዱ ሰዎችም ጠርዘ ዱልዱም ሰይፍ ይዘው ነው የሚፋለሙት፤ ሰይፋቸው ግን ወደ ጫፉ ይሳሳል፣ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ በእጃቸውም ይታዘዛል። ያንኑ ሰይፍ ለተዋናዩ መስጠት፣ እንዳይንገዳገድም መንገር ይቻላል።