«ፈልጌ አጣሁ» አትበሉኝ

«ፈልጌ አጣሁ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። በቀደም አንድ የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ልጅ በጤፍ ዱቄት ላይ ፈጠራ አለኝ ብሎ መጣ። «ዓለም ላይ ማንም አልነካውም» አለ። በምን አወቅህ? «ጤፍ ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ አየሁ።» በቃ! የፓተንት ፍለጋው ይኸው ነው።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። አጻጻፉ እንዳያመልጠኝ ብዬ `tef*` ብዬ ስጽፍ የመጥበሻ ቴፍሎን ጎርፍ ወረደብኝ። ቃል ብቻውን እንዲህ ነው፤ ወይ ያሰጥማል ወይ ያስርባል። ጤፍን አንዱ `teff`፣ ሌላው `tef`፣ የድሮ ሰው `Eragrostis abyssinica` ይለዋል፤ ፓተንት ጸሐፊ ደግሞ መብቱን ለማስፋት ሲል ስሙን ትቶ «እህል» ብሎ ያልፋል።

ልጁን የሆላንዱን የጤፍ ፓተንት አስነበብኩት፤ `EP1646287`። እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀ ነው። የመብት ወሰኑ ጤፍን እንዲሁ በደፈናው አይደለም የያዘው፤ ሲፈጭ «የመውደቂያ ቁጥሩ» ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄት ነው የሚለው። ቁጥሩ ሰከንድ ነው። ዱቄትና ውሃ በሙቅ ቱቦ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ዘንግ ይለቀቅበታል። እህሉ በቅሎ ከነበረ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታርቹን ይበላዋል፤ ገንፎው ይቀጥናል፣ ዘንጉም ቶሎ ይወርዳል። እንግዲህ በወሰኑ ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ፤ እህሉና ልኬቱ። ጤፍ ብሎ ብቻ የፈለገ ግማሹን ብቻ ነው የነካው።

የምደባ ኮድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ የፓተንት ቢሮዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በጋራ የሚሠሩበት `CPC` የሚባል ሥርዓት አለ። ኮዱን በአብዛኛው የሚሰጠው ሰነዱን ያነበበ ሰው ስለሆነ፣ ኮዱ እስካለው ድረስ ጽሑፉ ጀርመንኛም ይሁን ጃፓንኛ ለውጥ የለውም። `A21D13/047` ከስንዴና ከራይ ውጪ ባሉ እህሎች የተሠራ የዳቦ ውጤት ነው። `G01N33/10` ደግሞ ስታርች ያለበትን ምግብ መመርመሪያ ነው። እነዚህን ከሰማይ አላወረድኳቸውም፤ መጀመሪያ በቃል ፈልጌ ከጉዳዩ ጋር የሚገጥሙ አምስት ስድስት ሰነዶች አገኘሁ፣ በላያቸው ላይ የተለጠፉትን ኮዶች ለቀምኩ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ኮድ ፍቺና የጎረቤቶቹን ፍቺ አነበብኩ።

አሁን ብዙዎቹ የሚሰናከሉበትን ልንገራችሁ። ኮዱም ቃሉም አንዱኑ ሐሳብ ይደግማሉ! የእህል ኮድ ላይ «እህል» የሚል ቃል መጨመር ምን ይባላል? ኮዱ ያንን ብሎታል። ቃሉ መያዝ ያለበት ኮዱ ያልያዘውን ነው። ኤስፓስኔት ላይ እንዲህ አድርጌ በመስቀለኛ አቆማቸዋለሁ፦

```
cpc = "A21D13/047" AND ftxt = "falling number"
cpc = "G01N33/10" AND ftxt any "teff tef Eragrostis"
```

በመጀመሪያው እህሉን ኮድ፣ ልኬቱን ቃል ይዞታል፤ በሁለተኛው ተገላብጧል። የመጀመሪያው ጤፍ የሚል ቃል ስለሌለበት ሌላ እህል ላይ ያንኑ ልኬት የተጠቀመውን ያወጣል፤ ጤፍ ላይ መሞከሩ ለባለሙያ ግልጽ ነበር ብሎ ለሚከራከር ሰው የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። ልኬቱን `Hagberg`ም `amylase`ም እያልኩ እደግመዋለሁ። በአንዴ ሦስት አራት ሐሳብ በ`AND` የሚያስር ሰው ግን ባዶ ገጽ ያገኝና ይደሰታል። ባዶ ገጽ ያስደስታል እንዴ?

ማረጋገጫም አለው። ቀድሜ የማውቀው ሰነድ በውጤቱ ውስጥ ካልመጣ የተበላሸው የእኔ ጥያቄ ነው። ጽሑፋቸው ያልተለቀመ፣ በምስል ብቻ የተቀመጡ አሮጌ ሰነዶችም አሉ፤ ለእነሱ ቃሉን ትቼ በኮድና በዓመት አጥብቤ አንድ በአንድ ከማገላበጥ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ዓመቱን የምቆርጠው በቀዳሚነት ቀን ነው። የሆላንዱ ፓተንት እ.ኤ.አ. 2003 ስለሆነ፣ በ2005 የታተመ ሰነድ፣ ማመልከቻው ከዚያ ቀን በፊት ካልገባ በቀር፣ ምንም ያህል ቢመሳሰል አይረዳኝም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ፓተንቱ እህሉ ከታጨደ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ ቁጥሩ እንደሚሻሻል ይተርካል። የእኛ ገበሬ ጤፉን ጎተራ ከቶ ወራት ያቆየዋል! በአውሮፓ ሕግ በአደባባይ የተሠራበትም፣ በቃል የተነገረም ቀዳሚ ዕውቀት ተብሎ ይቆጠራል፤ ጎተራ ግን `CPC` የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አድርጎታል። ያም ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፎችንና የግብርና ምርምር ዘገባዎችን በእጅ ያላገላበጠ ሰው በኮድም በቃልም እዚያ አይደርስም።

ልጁ ትናንት ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ሁለቱንም ጥያቄ አስገባሁ፤ የሆላንዱ ሰነድ አልመጣም።»

«ሰነዱ ላይ የተለጠፉትን ኮዶች አይተሃቸዋል?»

ዝም አለ።