የሳሎን ምንጣፍ ስትገዙ ከወርዱ ጀምሩ

የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ቢያለብስ አይፈረድበትም። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ለማንጠፍ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት የጥቅሉን ወርድ ጠይቁ። ሻጩ የሚቆርጥላችሁ በሙሉ ወርዱ ስለሆነ፣ የሚተርፈው ቁራጭም የተከፈለበት ነው።

ሳሎናችሁ 5.20 በ4.60 ሜትር ነው እንበል፤ 24 ካሬ አይሞላም። ሱቁ ውስጥ ባለ 3 እና ባለ 4 ሜትር ወርድ ጥቅል አለ። ከባለ 3 ሜትሩ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ታነጥፋላችሁ። በ5.20ው አቅጣጫ ከዘረጋችሁት 31.8 ካሬ ትገዛላችሁ፤ በ4.60ው ከሆነ ግን 28.2 ይበቃል። ለግድግዳ ማስተካከያ በየቁራጩ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ ነው። መጋጠሚያው አንድ ብቻ ነው፤ ችግሩ ሳሎኑ መሃል፣ ሰው ሁሉ በሚረግጠው ቦታ ላይ መዋሉ ነው።

ባለ 4 ሜትሩንም በ4.60ው አቅጣጫ ዘርጉት። 4.70 ሜትር ያስቆረጣችሁት አንድ ቁራጭ አብዛኛውን ወለል ይሸፍንና 1.20 ሜትር ስፋት ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌላ 4.70 ይገዛል። አያስፈልግም። 1.60 ሜትር ብቻ ጨምሩና ወርዱን ለሦስት ክፈሉት፤ እያንዳንዱ 1.33 ስፋት፣ 1.60 ርዝመት ይኖረዋል። ተከታትለው ሲነጠፉ 4.80 ሜትር ስለሚሆኑ ጠርዛቸውን አስተካክሎ ለመግጠም 20 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በድምሩ የገዛችሁት 6.30 ሜትር፣ ማለትም 25.2 ካሬ ነው፤ ሦስት ካሬ አተረፋችሁ ማለት ነው። መጋጠሚያዎቹ ቢበዙም ያንን ጎን ለሶፋው ብትሰጡት ማንም አያያቸውም። በሩ በዚያ በኩል ከሆነ ግን እኔ ባለ 3 ሜትሩን እመርጣለሁ፤ በር ላይ ያለ መጋጠሚያ ቶሎ ይነሳል።

የምንጣፍ ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ነው። በእጃችሁ ስትዳብሱት በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። አንዱን ቁራጭ አዙራችሁ ካነጠፋችሁት ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ ቢሆንም ቀለሙ የተለየ ይመስላል። ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት በጀርባው በጠመኔ ቀስት አስምሩበት፤ ስታነጥፉ ሁሉም ቀስት ወደ አንድ ግድግዳ ይይ።

ይህ ስሌት ለአንድ ቀለም ምንጣፍ ነው። አበባ ወይም መስመር ያለው ከሆነ ትንንሾቹ ቁራጮች ሥዕላቸው አይገጥምም። እዚያ ላይ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ያለውን ያዙ፤ ሁለተኛው ቁራጭ ሥዕሉ እስኪገጥም ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሳብ፣ አንድ ሥዕል የሚደገምበትን ርዝመት ያህል ጨምራችሁ አስቆርጡ።

ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጥቅል ውሰዱ። ግማሹን ዳንግላ ገዝታችሁ የጎደለውን በሌላ ሳምንት ብትፈልጉ፣ ስሙና ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቀለሙ ትንሽ የሚለይ ምንጣፍ ሊገጥማችሁ ይችላል።