ሰነዱን ከሬጅስትራሩ፣ ሥራውን ከሠራተኛው ጠይቁ
ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ የሥራ ኃላፊዎች፣

የግንባታ መሐንዲስ ነኝ። በሙያዬ ምክንያት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ በቴክኒክ አባልነት እየተጠራሁ የሳይት መሐንዲሶችንና የግንባታ ተቆጣጣሪዎችን ስፈትን ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃና በተጋነነ የሥራ ልምድ የሚቀጠሩ ሰዎችን ቅጥሩ ከመፈጸሙ በፊት መለየት እንደሚቻል ስለማምን ነው። አሁን ግን በብዙ መሥሪያ ቤት ማጣራቱ የሚጀመረው ሰውየው ደመወዝ መብላት ከጀመረ፣ አንዳንዴም የእድገት ደረጃ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የፈረመባቸው የክፍያ ሰርተፊኬቶችና ያስሞላቸው ኮንክሪቶች ተመልሰው አይመጡም።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ማስረጃ ተጣራ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚደረገው የሚከተለው ነው። የሰው ሀብት ክፍሉ የአመልካቹን ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ፎቶ ኮፒ ያደርግና “የተያያዘው ማስረጃ ከተቋማችሁ የተሰጠ መሆኑን እንድትገልጹልን” የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤውን ለአመልካቹ በእጁ ይሰጠዋል፤ መልሱንም ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ዲግሪ ማሠራት የቻለ ሰው የመልስ ደብዳቤ ማሠራት አያቅተውም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። በቀን ብዙ ጥያቄ የሚደርሰው የሬጅስትራር ሠራተኛ የተሞላ ወረቀት ሲቀርብለት ስሙን መዝገብ ላይ ካገኘ “ትክክል ነው” ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ስሙ አለ፤ ነገር ግን የተመረቀበት ክፍል ሌላ፣ ውጤቱም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ያቋረጠም ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አለ።

ስለዚህ ጥያቄው ባዶ ቅጽ ይሁን። መሥሪያ ቤቱ የአመልካቹን ሙሉ ስም ከነአያቱና ተማርኩ ያለበትን ተቋም ብቻ ጽፎ ይላክ፤ መለያ ቁጥሩን፣ የገባበትንና የተመረቀበትን ቀን፣ የትምህርት ክፍሉንና አጠቃላይ አማካይ ውጤቱን ሬጅስትራሩ ከራሱ መዝገብ ይሙላ። የዲግሪው ኮፒ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ይቆይና መልሱ ሲመጣ ጎን ለጎን ይነበብ። ደብዳቤው በፖስታ ወይም በመሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ ይሂድ። ስልክ መደወል ካስፈለገም ቁጥሩ አመልካቹ ካመጣው ወረቀት አናት ላይ አይወሰድ። የግል ኮሌጅ ወይም የውጭ አገር ማስረጃ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ መሄዱ ግድ ነው። ኮፒው ከዋናው ጋር አንድ ነው የሚል ማህተም ስለ ዋናው እውነተኛነት ምንም እንደማይናገርም ለሰው ሀብት ሠራተኞች ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ወረቀቱን ራሱን ማንበብ ይቻላል። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቀን መመሳከር አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ግን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ስምንት ይሆናል። በእንግሊዝኛው ጁላይ 2009 የተባለ ምረቃ በአማርኛው ሐምሌ 2001 ነው፤ ሐምሌ 2002 ተብሎ ከተጻፈ አንድ ሰው ሰባት ብቻ ቀንሷል ማለት ነው። የተቋሙ ስምም ዕድሜ አለው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ዓለማያ ይባል ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ተሰጠ የተባለ ዲግሪ ሐረማያ የሚል ራስጌ ካለው መጠየቅ ይገባል። በእርግጥ ዲግሪው በምትክ ዘግይቶ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው የሬጅስትራሩ መልስ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የስቱደንት ኮፒውን ሂሳብ መሥራት ነው። በአንድ ሴሚስተር አራት ክሬዲት B፣ ሦስት ክሬዲት A፣ ሦስት ክሬዲት C እና አራት ክሬዲት C ያገኘ ተማሪ 12፣ 12፣ 6 እና 8፣ በድምሩ 38 ነጥብ አለው፤ ለ14 ክሬዲት ሲካፈል 2.71 ይመጣል። የመጨረሻውን C ወደ A የቀየረ ሰው ድምሩን 46፣ አማካዩን 3.29 ማድረግ አለበት። እሱን ቢያስተካክል እንኳ ከዚያ ሴሚስተር በኋላ ያሉት የድምር አማካዮች በሙሉ መለወጥ አለባቸው። ፊደሉን የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ እስከዚያ አይሄድም። ሥራው ካልኩሌተርና ግማሽ ሰዓት ነው፤ የተቋሙን የነጥብ አሰጣጥ ማወቅ ብቻ ይጠይቃል።

የሬጅስትራር ሠራተኛው ራሱ የተገዛ ከሆነስ? ይህ የወረቀት ማጣራት ወሰን ነው። ያኔ ሁለተኛ መዝገብ ያስፈልጋል። ዲግሪ ያለው ሰው ከዚያ በፊት የብሔራዊ ፈተና ውጤት ሊኖረው ይገባል፤ ያ ደግሞ ያለው ከዩኒቨርሲቲው ውጭ፣ ፈተናውን በሚያስተዳድረው ተቋም ዘንድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቁት የመውጫ ፈተና ውጤትም አለ። የአንድ ቢሮ ሠራተኛ ሦስቱንም መዝገብ መንካት ይከብደዋል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከዲግሪ የባሰ ነው። ደብዳቤው እውነተኛ ማህተም ያለበት፣ ከእውነተኛ ድርጅት የወጣ ሆኖ ይዘቱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ የአጎት ልጅ ተቋራጭ ከሆነ ስምንት ዓመት በአንድ ከሰዓት ይጻፋል። ማስታወቂያዎቻችሁ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን መጠየቃቸው መልካም ነው፤ ማረጋገጫው ግን ከግብር ሰብሳቢው መምጣት አለበት። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደግሞ አሠሪውም ሠራተኛውም ያዋጣሉ፤ አሁን የአሠሪው 11 በመቶ፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ስምንት ዓመት ሠራሁ ያለ ሰው የስምንት ዓመት መዋጮ ሊታይለት ይገባል። ቀጣሪው ሳያዋጣለት የቀረ ሐቀኛ ሠራተኛም ስላለ የመዋጮ መጥፋት ብቻውን ሰውን አይኮንንም፤ ተጨማሪ ጥያቄ ግን ያስነሳል።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ ልለፍ፤ ወረቀት የማይደርስበት ቦታ እዚህ ነውና። ዲግሪው እውነተኛ፣ ደብዳቤውም እውነተኛ የሆነ፣ ነገር ግን የተባለውን ሥራ ያልሠራ ሰው የሚታወቀው በጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄዎቻችን ግን ለዚህ አልተሠሩም። “ኮንክሪት ምንድን ነው? የC-25 ትርጉም ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ የሚለየው ትናንት ማታ ያነበበውንና ያላነበበውን ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የገጠመኝን ልንገራችሁ። አመልካቹ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ከመሠረት እስከ ጣሪያ በሳይት መሐንዲስነት እንዳስገነባ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ መጣ። አነጋገሩ የረጋ ነበር። ትርጉሞቹን ሁሉ መለሰ። እኔ ስለዚያ ሕንፃ ብቻ ጠየቅሁት። “የኮንክሪት ኪዩቦቹን ላቦራቶሪ ስታስጨቁን ማሽኑ ላይ የምትጠብቀው ቁጥር ስንት ነበር?” “ሃያ አምስት” አለ። የኪዩቡ ጎን 150 ሚሊሜትር ነው፤ የፊቱ ስፋት 22,500 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። 25 ሜጋፓስካል የሚሸከም ኪዩብ የሚሰበረው 562 ኪሎኒውተን አካባቢ ነው። ማሽኑ ፊት የቆመ ሰው የሚያስታውሰው እንዲህ ያለውን ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሃያ አምስት የሚለው የሪፖርቱ የመጨረሻ ዓምድ ላይ የሚነበብ ነው። ሆኖም አንዳንድ ማሽን አስልቶ ስለሚያሳይ በዚህ ብቻ አልፈረድኩበትም። ስፋቱን ነግሬው እንዲያሰላ ጠየቅሁት፤ ከየት እንደሚጀምር አላወቀም።

ቀጠልኩ። “የሰባት ቀን ውጤት ዝቅ ብሎብህ ያውቃል?” “ሁሉም አልፏል” አለ። በሰባት ቀን ኮንክሪት ከ28 ቀኑ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል፤ ለC-25 16 ወይም 17 ሜጋፓስካል ማለት ነው። ስንት እንደጠበቀ ስጠይቀው እንደገና “ሃያ አምስት” አለኝ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ የሶሌታ ሙሌት ነበር። “ሚክሰሩ መሐል ላይ ተበላሸ ወይም ሲሚንቶ አለቀ እንበል፤ ሙሌቱን የት ላይ አቆምክ?” ይህን ያልገጠመው የሳይት መሐንዲስ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። የሠራ ሰው ወዲያው ወደ ነገሩ ይገባል፦ ቢም ላይ ከኮለኑ አጠገብ እንዳላቆመ፣ የመቆራረጥ ኃይሉ አነስተኛ ወደሆነበት ወደ መካከለኛው ሲሶ እንደገፋው፣ ጫፉን በጣውላ እንደዘጋ፣ በማግሥቱ ፊቱን አስቧጭሮ፣ አጥቦና አርሶ እንደቀጠለ ይናገራል። አንዳንዱ ከተቋራጩ ጋር የተጣላበትን ሁሉ ይጨምራል። ይህ ሰው ግን “በማግሥቱ ጨረስነው” ብሎ ዝም አለ። “የት ላይ?” ስለው “የቆመበት ላይ” አለ። ኮሚቴው ልምዱን ሳይቆጥርለት ቀረ። በኋላ ድርጅቱ ሲጠየቅ በዚያ ሳይት የሠራው በንብረት ክፍል ውስጥ መሆኑ ታወቀ፤ ደብዳቤው ስለ ቅጥር ዘመኑ እውነት፣ ስለ ሥራው ሐሰት ነበር።

ጥያቄው ሁልጊዜ ከአመልካቹ ከራሱ ደብዳቤ መነሣት አለበት፤ አስቀድሞ ሊያጠናው የማይችለውም ለዚህ ነው። ችግር ስለገጠመበት ቀን ይጠየቅ። “ሠራን” ሲል የእሱ ድርሻ ምን እንደነበር ይጠየቅ። በድንጋጤ ለሚረሳ ሰው ጥያቄው በሌላ መንገድ ይደገምለት፤ እርሳስና ወረቀት ይሰጠው፤ በቃል መግለጽ ያቃተው ሥሎ ያሳይ። “አላውቅም፣ ይህን የሚሠራው አማካሪው ነበር” ማለት ደካማ መልስ ተደርጎ አይቆጠር። በእኔ ልምድ እንዲህ የሚሉት የራሳቸውን ሥራ ወሰን የሚያውቁ ናቸው።

ተቃራኒውም አለ። ሥራውን አሳምሮ የሚችል፣ ግን ወረቀቱ የተገዛ ሰው ገጥሞኛል፤ የሶሌታውን ጥያቄ ከማንም በላይ መልሷል። እሱን በችሎታው ማሳለፍ ፈተና ወድቀው በሐቅ የተቀመጡትን መበደል ነው። እንዲህ ላለው ባለሙያ የብቃት ምዘና መንገድ ክፍት ነው፤ በሥራ ላይ የተማረውን አስመዝኖ በደረጃው ይወዳደር።

ከእናንተ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ባዶውን የማጣሪያ ቅጽ አዘጋጅታችሁ ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ አውርዱ። የሬጅስትራሩ መልስ ሳይመጣ የቅጥር ደብዳቤ እንዳይፈረም በመመሪያ አስሩ። በየኮሚቴው በዚያው ሙያ የሠራ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተጠራ አንድ ሰው ይኑር፤ ጥያቄውና መልሱ ቃል በቃል ተጽፎ በአመልካቹ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ያልተመረጠ አመልካች ቅሬታ ቢያቀርብ የሚመረመረው ያ ጽሑፍ ይሁን፤ ያለ እሱ የቴክኒክ ውጤት የተባለው ቁጥር የኮሚቴው ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የባዶውን ቅጽና የቃለ መጠይቅ መመዝገቢያውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ በጠራችሁኝ ቀን ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የግንባታ መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ