የሲሳይ ለማን ድል እንጂ ሩጫውን አትኮርጁ

ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሳይ ለማ የቦስተን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈ። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻውን አፈትልኮ መውጣቱ እስካሁን እንደ ጀግንነት ይወራል። ከካምባ እስከ በቆጂ ያለ ወጣት ሯጭም ይህንኑ ሰምቶ «ማራቶን እንዲህ ነው የሚሮጠው» ብሎ ይወጣል። የሰዓት ሰንጠረዡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ሲሳይ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ60 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ጨረሰ። ከወራት በፊት ቫሌንሲያ ላይ ምርጥ ሰዓቱን፣ 2፡01፡48ን፣ ሲያስመዘግብ የአንድ አጋማሽ አማካዩ 60፡54 ነበር። ቫሌንሲያ ሜዳ ነው፤ ቦስተን ግን አሯሯጭ የሌለበት፣ አቀበቱ ከአጋማሹ በኋላ የሚጠብቅ ውድድር ነው። መጀመሪያው ቁልቁል ስለሆነ ፍጥነቱ የነፃ ይመስላል። ነፃ አይደለም። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ በየእርምጃው ፍሬን ሆኖ ይሠራል፤ ጉዳቱም የሚሰማው ዘግይቶ፣ አቀበቱ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ 65፡58 ፈጀበት። በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከ2፡52 ገደማ ወደ 3፡08 ገደማ ወረደ ማለት ነው። ከ2 ደቂቃ በላይ የነበረው ልዩነት መድረሻው ላይ 41 ሰከንድ ሆነ፤ መሐመድ ኢሳ ከኋላው እየቀረበ ነበር። ሲሳይ ያሸነፈው ማንም በጊዜ ስላልተከተለው ጭምር ነው። ይህን ዕድል አሰልጣኝ ዕቅድ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም።

ቀነኒሳ በቀለ በርሊን ላይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የሮጠውን አስቡ። 61፡05 ወጣ፣ 60፡36 ተመለሰ። ብርሃኑ ለገሰ መጨረሻው አካባቢ ሲያመልጠው ተረጋግቶ ቆይቶ ደርሶ አለፈው፤ 2፡01፡41 ገብቶ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ አነሰ። ይህ ሩጫ ግን የቦስተኑን ያህል በጀግንነት አይወራለትም፤ መርጋት ጭብጨባ አያስገኝም መሰለኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 2፡10 ለመግባት የሚያስብ ሯጭ እያንዳንዱን 5 ኪሎ ሜትር በ15፡24 ገደማ መሮጥ አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት 5 ኪሎ ሜትሮች በ15፡00 ቢሮጥ 48 ሰከንድ ያተርፋል። ግን የመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር 20 ሰከንድ ቢያዘገየው 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይከስራል፤ መካከሉን በዕቅዱ ቢጠብቅ እንኳ 2፡12 አልፎ ይገባል። ያዘገየው ስንቁ ነው፦ በጡንቻ የተከማቸው ስኳር በፍጥነት ሲሮጡ ይበልጥ ይነዳል፣ ካለቀም በጉልበት አይተካም።

ከካምባ ደጋ የሚወጣ ልጅ ደግሞ ሌላም ወጥመድ አለበት። ከፍታ ላይ በዚያው ጥረት ሰዓቱ ይዘገያል፤ ዝቅ ወዳለ ከተማ ሲወርድ መጀመሪያው ቀላል ሆኖ ይሰማዋል፣ ያ ስሜትም 48 ሰከንዱን ያስበላዋል። አሰልጣኙ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ሰዓት ከስሜቱ ለይቶ አስቀድሞ ይሰጠው፤ ከዚያ ፈጥኖ ካለፈ ጭብጨባ ሳይሆን «ቀዝቀዝ በል» የሚል ድምፅ ይስማ። ውድድሩ ሲያልቅም የመጀመሪያውን ጥያቄ ደረጃው ላይ አያድርገው፤ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በስንት ገባህ ይበለው።